የናስና የብረት ባይሜታል ስንት ሚሊ ሜትር ይጎብጣል? ስሌቱ፣ አሠራሩና አለካኩ

ካውያ በቃኝ ብሎ ራሱን የሚያጠፋው ውስጡ ያለች አንዲት ቀጭን ብረት ሙቀት ሲበዛባት ስለምትጎብጥ ነው። ሁለት ዓይነት ብረቶች ተጣብቀው ሲሞቁ አንደኛው ከሌላው አብልጦ እንደሚለጠጥ፣ በዚህም ምክንያት ባይሜታል የሚባለው ጥንድ ወደ አንድ ጎን እንደሚታጠፍ በትምህርት ቤት ያልሰማ የለም። «ስንት ሚሊ ሜትር ይታጠፋል?» ሲባል ግን ብዙው ተማሪ ዝም ይላል። ስሌቱ አንድ ገጽ አይሞላም። እዚህ ከመነሻው እናወጣዋለን፤ ከዚያም ከመርካቶ በሚገዛ ናስና ላሜራ ስትሪፑን ሠርተን አራት ኪሎ በሚገኝ የሥራ ጠረጴዛ ላይ እንለካዋለን።

የምንሠራው ስትሪፕ 0.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ካለው ናስና 0.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ካለው የብረት ላሜራ ነው። ወርዱ 10፣ ርዝመቱ 150 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ከርዝመቱ 30 ሚሊ ሜትሩ በሁለት እንጨት መካከል ይያዛል፤ ነፃ ሆኖ የሚንቀሳቀሰው 120 ሚሊ ሜትር ነው። ከ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አንስተን እስከ ፈላ ውሃ እናሞቀዋለን።

ደረጃ 1፦ የሙቀት ልዩነቱን በትክክል መያዝ

ፈላ ውሃ ጥሩ መለኪያ የሚሆነው ሙቀቱ አንድ ቦታ ላይ ስለሚቆም ነው። ይሁንና አዲስ አበባ ላይ የሚቆመው 100 ላይ አይደለም። አራት ኪሎ አካባቢ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ስለሆንን የአየሩ ግፊት አነስተኛ ነው፤ ውሃ የሚፈላውም 92 ዲግሪ ላይ ነው። ስለዚህ የሙቀት ልዩነታችን 92 ሲቀነስ 20፣ ማለትም 72 ዲግሪ ይሆናል። ከመጽሐፍ 100ን ወስዶ 80 ብሎ ያሰላ ሰው ከመነሻው 11 ከመቶ ትርፍ ጉብጠት ይጠብቃል። ከዚያ የለካው ሲያንስበት ማጣበቂያው ለቀቀ እያለ ደህናውን ስትሪፕ ይፈታታል።

ቴርሞሜትር ካለ ደግሞ ከመጽሐፍም ከእኔም ይልቅ እሱን ማመን ይሻላል።

ደረጃ 2፦ ብረቶቹን መምረጥ

ጉብጠቱን የሚወስነው የሁለቱ ብረቶች የመለጠጥ ልዩነት ነው። አንድ ሜትር ናስ በአንድ ዲግሪ 19 ማይክሮ ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ ተራ ብረት 12 ገደማ። ልዩነቱ 7 ነው። እነዚህ ቁጥሮች እንደ ብረቱ ቅይጥ ይለያያሉ። 30 ከመቶ ዚንክ ያለው ናስ ወደ 20 ይጠጋል፤ ዚንኩ ሲያንስ ወደ 18.7 ይወርዳል። ልዩነቱ ራሱ ትንሽ ቁጥር ስለሆነ በናሱ ላይ የምትፈጠር የአንድ ማይክሮ ሜትር ስህተት በውጤቱ ላይ 14 ከመቶ ሆና ትመጣለች። የናሱን ቅይጥ በእርግጠኝነት የማያውቅ ሰው ከ10 ከመቶ የተሻለ ግጥምጥሞሽ ቢያገኝ እንደ ዕድል ይቁጠረው።

አንድ ወጥመድ አለ። «የማይዝግ ይሻላል» ተብሎ ስቴንለስ ከተገዛ ሥራው ከንቱ ነው። የተለመደው ስቴንለስ፣ 304 የሚባለው፣ በዲግሪ 17.3 ማይክሮ ሜትር ይለጠጣል፤ ከናሱ ጋር ያለው ልዩነት 1.7 ብቻ ነው። የጠበቅነው አምስት ሚሊ ሜትር ጉብጠት ወደ አንድ ሚሊ ሜትር ከሩብ ይወርዳል። መለያው ቀላል ነው፦ ሱቁ ውስጥ እያላችሁ ማግኔት አስጠጉት። ተራ ላሜራ ማግኔቱን ጥርቅም አድርጎ ይይዛል፤ 304 ግን ማግኔት አይስበውም ማለት ይቻላል።

ውፍረቱንም በሻጩ ቃል ብቻ አትውሰዱ። ማይክሮ ሜትር የሚባለው የውፍረት መለኪያ መሣሪያ ካለ ሦስት ቦታ ላይ ለኩ። «0.5» ተብሎ የተሸጠ ላሜራ 0.45 ሆኖ ቢገኝ ስሌቱ ውስጥ የሚገባው 0.45 ነው።

ደረጃ 3፦ ስሌቱን ማውጣት

መጀመሪያ ሁለቱ ብረቶች እንዳልተጣበቁ አድርገን እናስብ። ተደራርበው ብቻ በ72 ዲግሪ ቢሞቁ 120 ሚሊ ሜትሩ ናስ ከብረቱ በ0.06 ሚሊ ሜትር ይበልጣል። ይህ የአንድ ወረቀት ውፍረት እንኳ አይሞላም። ጉብጠት የሚባለው ነገር በሙሉ የሚመጣው ከዚህች ትርፍ ነው።

አሁን ሁለቱ ተጣብቀዋል እንበል። ናሱ እንደ ልቡ መርዘም አልቻለም፤ ብረቱ ወደ ኋላ ይጎትተዋል። ናሱ በበኩሉ ብረቱን ይስበዋል። ከውጭ የሚገፋ ኃይል ስለሌለ ናሱን የሚያምቀው ኃይልና ብረቱን የሚስበው ኃይል እኩል መሆን አለባቸው፤ P እንበለው። ሁለቱ ኃይሎች ግን በአንድ መስመር ላይ አይደሉም። አንዱ በናሱ መሃል፣ ሌላው በብረቱ መሃል ስለሚያልፍ በመካከላቸው d የሚባል ርቀት አለ። እኩልና ተቃራኒ ኃይሎች ተራርቀው ሲቆሙ ደግሞ ሞመንት ይፈጥራሉ፤ ስትሪፑን የሚያጎብጠውም ይኸው ሞመንት ነው። የሚቃወመው የእያንዳንዱ ንብርብር የመታጠፍ ጥንካሬ ነው።

የቀረው አንድ ሁኔታ ብቻ ነው፦ በተጣበቁበት ገጽ ላይ የናሱና የብረቱ ርዝመት አንድ መሆን አለበት። ስለዚህ ያቺ የመለጠጥ ትርፍ በሁለት መንገድ ታልቃለች። ከፊሏ በመታመቅና በመሳብ ትበላለች፤ የቀረችው በመጉበጥ። በፎርሙላ እንዲህ ይጻፋል፦

```
P·d = (E1·I1 + E2·I2)·κ
Δα·ΔT = P·(1/(E1·t1) + 1/(E2·t2)) + κ·d
I = t³/12      d = (t1 + t2)/2
```

እዚህ κ ጉብጠቱ ነው፤ ማለትም አንድ ለሬዲየሱ። t ውፍረት ነው፣ E ብረቱ መለጠጥንና መታመቅን የሚቋቋምበት ጥንካሬ፣ የያንግ ሞዱለስ የሚባለው። Δα የሁለቱ ብረቶች የመለጠጥ ልዩነት፣ ΔT የሙቀት ልዩነቱ፣ I ደግሞ ውፍረቱ ለመታጠፍ ጥንካሬ የሚያበረክተው ድርሻ ነው። 1 ቁጥር ናሱን፣ 2 ቁጥር ብረቱን ያመለክታል። P በአንድ ሜትር ወርድ የተሰላ ኃይል ነው። ከመጀመሪያው መስመር Pን አውጥተን ሁለተኛው ውስጥ ስናስገባው ይህ ይገኛል፦

```
B = E1·I1 + E2·I2
C = 1/(E1·t1) + 1/(E2·t2)
κ = Δα·ΔT / (d + B·C/d)
```

የሜካኒክስ ሊቁ ቲሞሼንኮ በ1925 ያወጣውና መጻሕፍት ውስጥ የሚገኘው ረጅም ፎርሙላም ይኸው ነው፤ እሱ በውፍረትና በሞዱለስ ጥምርታ ስለጻፈው ሌላ ይመስላል። እኔ ይህኛውን የምመርጠው d ለብቻዋ ስለምትታይ ነው። ለምን እንደሚጠቅም ማጣበቁ ላይ ስንደርስ ይታያል። ወርዱ ፎርሙላው ውስጥ የለም፤ 10 ሚሊ ሜትርም ሆነ 15 ጉብጠቱ ያው ነው። ይህ የሚሠራው ስትሪፑ ጠባብ እስከሆነ ድረስ ነው። ወርዱ ከርዝመቱ ጋር ሲቀራረብ ሙቀቱ በወርዱም በኩል ስለሚያጎብጠው እንደ ሳህን መጎድጎድ ይጀምራል።

ቁጥሮቹን እናስገባ። የናስ ሞዱለስ 100፣ የብረት 200 ጊጋፓስካል ገደማ ነው።

```
B = 1.042 + 2.083 = 3.125 N·m
C = 2e-8 + 1e-8 = 3e-8 m/N
d = 0.0005 m
Δα·ΔT = 7e-6 × 72 = 5.04e-4
κ = 5.04e-4 / (0.0005 + 0.0001875) = 0.733 1/m
```

የጉብጠቱ ሬዲየስ 1.36 ሜትር ነው ማለት ነው። በዓይን ስናየው ለመለየት የሚያዳግት ለስላሳ ቅስት ነው። ጫፉ ግን ይናገራል። አንድ ጫፉ የተያዘ ስትሪፕ ሌላው ጫፉ የሚሄደው ርቀት δ፣ L ነፃው ርዝመት ሆኖ፣ ይህ ነው፦

```
δ = κ·L²/2 = 0.733 × 0.12² / 2 = 0.0053 m
```

5.3 ሚሊ ሜትር። የ0.06 ሚሊ ሜትር የርዝመት ልዩነት ወደ 87 እጥፍ አድጎ በማስመሪያ የሚነበብ ሆነ። ርዝመቱ በካሬ ስለሚገባ ነፃውን ርዝመት በ2 ሚሊ ሜትር መሳት ውጤቱን በ3 ከመቶ ያዛባል፤ የሚለካው ከእንጨቱ ጠርዝ ጀምሮ ነው።

ለፈጣን ግምት ከዚህም ያጠረ መንገድ አለ። ሁለቱ ውፍረቶች እኩል ከሆኑ ጉብጠቱ በግርድፉ 1.5 ሲባዛ በመለጠጥ ልዩነቱ፣ ሲባዛ በዲግሪው፣ ሲካፈል ለጠቅላላ ውፍረቱ ነው። በእኛ ምሳሌ ትክክለኛው ማባዣ 1.45 ነው። የብረቱ ሞዱለስ የናሱ እጥፍ ሆኖ ሳለ ውጤቱ የተለወጠው በ3 ከመቶ ብቻ ነው። ስለዚህ ስለ ሞዱለሱ ብዙ አትጨነቁ፤ ጊዜያችሁን የመለጠጥ ቁጥሩና ውፍረቱ ላይ አጥፉ። ናሱን 1.41 እጥፍ አወፍሮ ማባዣውን ወደ 1.5 ማድረስ ይቻላል፤ ለ3 ከመቶ ብሎ ሌላ ላሜራ ፍለጋ መርካቶ መመላለስ ግን አይመከርም።

ደረጃ 4፦ ማጣበቅ

ፋብሪካ ሁለቱን ብረቶች በከባድ ሮለር ጨፍልቆ አንድ ያደርጋቸዋል። እኛ ያለን ሬዲዮ ጠጋኞች የሚያቀልጡት የቆርቆሮና የእርሳስ ድብልቅ ነው። የሁለቱንም ገጽ በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ፈትጉ። ፍላክስ ቀቡና እያንዳንዱን ለብቻው በስሱ በድብልቁ ሸፍኑት። ከዚያ ገጽ ለገጽ አድርጋችሁ በሁለት ወፍራም ጠፍጣፋ ብረቶች መካከል ሞርሳ ውስጥ ጥበቁ፤ ድብልቁ ቀልጦ በጠርዙ ብቅ እስኪል በእሳት አሙቁና ሳትነካኩ ይቀዝቅዝ። እርሳስ ስላለበት መስኮት መክፈትና ሲጨርሱ እጅን መታጠብ አይዘንጋ።

ሞርሳውን ስትፈቱ ስትሪፑ ቀጥ ብሎ አይወጣም። ቀስት ሆኖ ይወጣል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ተበላሸ ብሎ መዶሻ ያነሳል፤ ተዉት። ድብልቁ የሚጠነክረው በ183 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ሁለቱ ብረቶች እኩል ርዝመት ይዘው የተጣበቁት በዚያ ሙቀት ላይ ነው። ከዚያ ወደ 20 ሲቀዘቅዙ 163 ዲግሪ ወርደዋል፤ ናሱም አብልጦ ስላጠረ ወደ ናሱ በኩል ይታጠፋል። በዚያው ፎርሙላ ሲሰላ ጫፉ ላይ 12 ሚሊ ሜትር ነው። ወደ 92 ሲሞቅ ቅስቱ በከፊል ይቃናና 6.7 ይቀራል። ልዩነቱ ያው 5.3 ነው። የምንለካው የጫፉን ጉዞ ስለሆነ የመነሻው ቅስት አያስቸግረንም። በመዶሻ ማቃናት ግን ናሱን ከመለጠጥ ወሰኑ ያሳልፈዋል፤ ድብልቁንም ይሰነጥቃል።

በምስማር ወይም በሪቬት ማያያዝስ? ይቻላል፤ ግን ፎርሙላው አይገጥምም። በአንድ ሪቬትና በሌላው መካከል የታመቀው ናስ ከብረቱ ተነጥሎ ያብጣል፤ ቀዳዳዎቹ ውስጥም መንሸራተት አለ። ውጤቱ ከስሌቱ ያንሳል፤ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝም በአንድ መንገድ አይመላለስም።

ደረጃ 5፦ መለካት

ስትሪፑን በአግድም እንደ መደርደሪያ ከዘረጋችሁት የራሱ ክብደት ያዘነብለዋል። ስለዚህ በ10 ሚሊ ሜትር ወርዱ ጠርዝ ላይ አቁሙት። ሰፊና ዝቅ ያለ ትሪ ውሰዱ፤ ስትሪፑን በጠርዙ አቁማችሁ ጭራውን በሁለት እንጨት መካከል በብሎን አጥብቁ። ብረት መያዣ ሙቀቱን ስለሚስበው እንጨት ይሻላል። ውሃው ስትሪፑን ልክ ሸፈን እስኪያደርገው ብቻ ይሙላ። ማስመሪያ ከትሪው በላይ አጋድሙና ጫፉን ከላይ ቀጥ ብላችሁ አንብቡ፤ አንድ ዓይን ጨፍኖ፣ ሁልጊዜ ከአንድ ቦታ።

ሲንፈቀፈቅ አይነበብም። ከፈላ በኋላ እሳቱን አጥፍታችሁ እየቀዘቀዘ በየ10 ዲግሪው አንብቡ፤ ቴርሞሜትሩ ከስትሪፑ አጠገብ ይሁን። በስሌታችን መሠረት በ10 ዲግሪ ጫፉ 0.73 ሚሊ ሜትር መሄድ አለበት። ነጥቦቹን ካሬ ወረቀት ላይ አስቀምጡና መስመር አስምሩ። አንድ ንባብ በግማሽ ሚሊ ሜትር ሊሳሳት ይችላል፤ የሰባት ነጥቦች መስመር ግን ዘንበልታው ያን ያህል አይሳሳትም። ከዚያ እንደገና እያሞቃችሁ ድገሙት።

ደረጃ 6፦ ቁጥሩ ካልገጠመ

አንዲት ተማሪ ከመስመሯ ያወጣችው 4.5 ሚሊ ሜትር ነበር። «መምህር፣ ስሌቱ 5.3 ይላል፤ ማጣበቂያው ለቆ ይሆን?» አለች። ማጣበቂያው ቢለቅ ኖሮ መስመሩ ይናገር ነበር፦ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ሁለት የተለያየ መንገድ ይሄዳል፤ ወይም አንድ ቦታ ላይ ይሰበራል። የእሷ መስመር ቀጥ ያለ ነው፤ በሄደበት ተመልሷል። እንግዲያው ስትሪፑን አምጪና በማይክሮ ሜትር ለኪው ተባለ። ጠቅላላ ውፍረቱ 1.12 ሚሊ ሜትር ሆኖ ተገኘ።

ያቺ 0.12 የድብልቁ ንብርብር ናት። ለስላሳ ስለሆነች የራሷን ጥንካሬ እንርሳው፤ ናሱንና ብረቱን ግን አራርቃቸዋለች። d ከ0.50 ወደ 0.62 ሚሊ ሜትር አድጓል፤ B እና C ግን አልተለወጡም።

```
κ = 5.04e-4 / (0.00062 + 0.000151) = 0.654 1/m
δ = 0.654 × 0.12² / 2 = 0.0047 m
```

4.7 ሚሊ ሜትር። ከለካችው ጋር ያለው ልዩነት 4 ከመቶ ነው፤ ይህ ደግሞ የናሱ የመለጠጥ ቁጥር ውስጥ ያለው ጥርጣሬ በቀላሉ የሚሸፍነው ነው። እዚያ ላይ ስሌቱ ይቁም። 19ኙን ወደ 18.7 ዝቅ አድርጎ በግድ ማስገጠም ቁጥሩን ያስማማል እንጂ ስለ ናሱ የሚነግረን የለም።

መስመሩ ሲሰበር ወይም ሲመላለስ መንገድ ሲቀይር መጀመሪያ የሚታዩት ጫፎቹ ናቸው። በስትሪፑ መሃል ላይ በማጣበቂያው በኩል የሚተላለፍ የመንሸራተት ኃይል የለም፤ P በሙሉ ከናሱ ወደ ብረቱ የሚሻገረው ጫፎቹ አጠገብ ባለች አጭር ርቀት ውስጥ ነው። በእኛ ስትሪፕ P ወደ 46 ኒውተን ይደርሳል፤ ወደ አምስት ኪሎ የሚጠጋ ክብደት ማለት ነው። መላቀቅ የሚጀምረው እዚያ ነው። ጥፍር ማስገባት ከተቻለ ለቋል።

ብረቶቹ ራሳቸው ይችሉታል ወይ ለሚል፦ በ72 ዲግሪ ከፍተኛው ስትረስ ብረቱ ላይ በተጣበቀው ገጽ 46 ሜጋፓስካል፣ ናሱ ላይ 27 ገደማ ነው። ሁለቱም ከወሰናቸው ብዙ ይርቃሉ። ስትሪፑን ማቅጠን ይህን ስትረስ አይቀንሰውም፤ ሁለቱም በእኩል ጥምርታ ቢቀጥኑ ጉብጠቱ ይጨምራል፣ ስትረሱ ግን ባለበት ይቆያል።

ማብሪያ ማጥፊያ ለማድረግ

እስካሁን ጫፉ በነፃ ሄዷል። እንደ ካውያው ኮንታክት እንዲገፋ ከተፈለገ የሚያስፈልገው ኃይሉ ነው። ጫፉን ከመነሻው እንዳይንቀሳቀስ ብንይዘውና ወደ 92 ብናሞቀው የሚገፋበት ኃይል ይህ ነው፦

```
D = (B + d²/C) × w = (3.125 + 8.333) × 0.010 = 0.115 N·m²
F = 3·D·δ/L³ = 1.05 N
```

w ወርዱ፣ D የጠቅላላ ስትሪፑ የመታጠፍ ጥንካሬ፣ F የሚገፋበት ኃይል ነው። ለስሌቱ ያለ ድብልቁ ንብርብር የነበረውን 5.3 ወስደናል። 1 ኒውተን የ100 ግራም ክብደት ገደማ ነው፤ ቀላል ኮንታክት ይገፋል፣ ጠንከር ያለ ስፕሪንግ ያለው ማብሪያ ግን አይነቀንቀውም። በነፃ 5.3 ሚሊ ሜትር መሄድና በሙሉ ኃይል መግፋት ደግሞ በአንዴ አይገኙም፤ ጫፉ ግማሹን መንገድ ከሄደ በኋላ ኮንታክቱን ካገኘው የሚቀርለት ግማሽ ኒውተን ነው።

ኃይል ከፈለጋችሁ ሁለቱንም ብረቶች አወፍሩ። ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን ጉዞው በግማሽ ይቀንሳል፤ ኃይሉ አራት እጥፍ ይሆናል። 1 ሚሊ ሜትር ናስ ከ1 ሚሊ ሜትር ላሜራ ጋር በዚያው ርዝመት 2.6 ሚሊ ሜትር ይሄዳል፣ በ4.2 ኒውተን ይገፋል። ወርዱን መጨመርም ኃይሉን በዚያው ልክ ያሳድጋል፤ ጉዞውን አይነካም። የመሥሪያ ሙቀቱ ግን ከ150 ዲግሪ በላይ ከሆነ በዚህ ድብልቅ የተጣበቀ ስትሪፕ አይሆንም። ወደ መቅለጫው ሲጠጋ ማጣበቂያው በጭነቱ ቀስ በቀስ ስለሚሸሽ ኮንታክቱ የሚገናኝበት ዲግሪ በየጊዜው ይለወጣል፤ ለዚያ ሥራ ከአሮጌ ካውያ የተነቀለ በፋብሪካ የተጨፈለቀ ባይሜታል ፈልጉ።